«70,500 ዶላር ተሰጥቷታል» የሚለው ደብዳቤ ሲፈታ

«ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። ሁለት ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። አንዱ ፔንሲልቬንያ ያለ የግል ነው። ትምህርቱ 58,400 ዶላር ነው ይልና 70,500 ሰጥተናታል ይላል። ሁለተኛው እዚሁ ሜሪላንድ ያለ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የሰጣት 17,000 ብቻ ነው። ፋፍሳ ላይ የወጣልን ቁጥር 3,195 ነው። እኔ ኡበር ነው የምሠራው፣ እናቷ ነርሲንግ ሆም ትሠራለች። ከግሉ 12 ሺህ ተርፎ ይመለስልናል ማለት ነው? ሰው ሁሉ ‹ይሄ ዕድል እንዳያመልጣችሁ› ይለናል። ኒድ፣ ሜሪት፣ ግራንት፣ ሎን የሚሉትስ ልዩነቱ ምንድነው? ሁለቱንም ደብዳቤ ልኬያለሁ።»
— የአራት ልጆች አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ የሚተርፍ ነገር የለም። በግሉ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ 35,300 ዶላር ከእናንተ ይወጣል። ወይ አሁን በጥሬው ነው፣ ወይ በኋላ በብድር። የሜሪላንዱ 20,500 ነው። ትልቅ የሚመስለው ስጦታ በዓመት ወደ 15 ሺህ ዶላር ያስበልጣል ማለት ነው። እንዴት እንደሆነ ደብዳቤውን አብረን እያየን ልንገርዎት።

መጀመሪያ 58,400 የሚለውን ቁጥር ይተዉት። ያ የትምህርቱ ክፍያ ብቻ ነው። ልጅቷ እዚያ ማደርና መብላት አለባት። የላኩልኝን ደብዳቤ ሁለተኛ ገጽ ታች ቢያዩ፣ በደቃቅ ፊደል የመኝታና የምግብ 17,200፣ የመጽሐፍ፣ የመንገድና የግል ወጪ ደግሞ 3,900 ተጽፏል። ሲደመር 79,500 ይሆናል። የዓመቱ ሙሉ ዋጋ ይሄ ነው። ሂሳብ የሚጀመረው ሁሌም ከዚህ ቁጥር ነው፤ ደብዳቤው ፊት ለፊት በትልቁ ከጻፈው አይደለም።

ይሄ የእርስዎ ደብዳቤ ብቻ ችግር እንዳይመስልዎት። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2022 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) የኮሌጆችን የእርዳታ ደብዳቤ መርምሮ ነበር። ከኮሌጆቹ 91 በመቶ የሚሆኑት ተማሪው በትክክል የሚከፍለውን ዋጋ ወይ ጭራሽ አይጽፉም፣ ወይ አሳንሰው ነው የሚጽፉት ብሏል። ስለዚህ ግራ ቢገባዎት አይደንቅም።

አሁን ወደ 70,500ው እንሂድ። ደብዳቤው ሰባት መስመር አለው። ሰባቱም «አዋርድ» በሚል አንድ ርዕስ ሥር ተደርድረዋል፤ ነገር ግን ሰባቱ አንድ ዓይነት ገንዘብ አይደሉም።

የመጀመሪያው ፔል ግራንት ነው፤ 4,200። ይሄ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ነው። የሚሰጠው የቤተሰብ አቅም ታይቶ ነው። ኒድ ቤዝድ የሚባለው ይሄ ነው። ፋፍሳ በሚባለው የፌዴራል የእርዳታ ማመልከቻ ላይ ከቤተሰቡ አቅም ተሰልቶ የወጣላችሁ 3,195 የሚለው ቁጥር ሥራው እዚህ ጋ ይታያል። የፔል ጣሪያ 7,395 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ 3,195 ሲቀነስ 4,200 ይቀራል። ፔል ልጅቷ የትም ብትገባ አብሯት ይሄዳል። ለዚህ ነው በሁለቱም ደብዳቤ ላይ ያው 4,200 የተጻፈው። ዩኒቨርሲቲው ከኪሱ አውጥቶ የሰጣት አይደለም።

ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲው ግራንት ነው፤ 12,000። ይሄም አቅም ታይቶ የሚሰጥ ነው፤ ገንዘቡ ግን የዩኒቨርሲቲው የራሱ ነው። አይመለስም። ግን ዓመት በዓመት ፋፍሳ እየተሞላ እንደገና ይታያል። ገቢያችሁ ከፍ ካለ ይቀንሳል። ብዙ ቤተሰብ «ሁለተኛው ልጅ ኮሌጅ ሲገባ እርዳታው ይጨምራል» ብሎ ያስባል። ድሮ እንደዚያ ነበር። ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ግን ፋፍሳ ስንት ልጅ ኮሌጅ እንዳለ ቆጥሮ ሸክሙን አያካፍልም። አራት ልጆች ስላሉዎት ይሄን ልብ ይበሉ።

ሦስተኛው 28,000 ዶላር ነው፤ ስሙም «የፕሬዚዳንቱ ስኮላርሺፕ»። ደብዳቤውን ያሞቀው ይሄ መስመር ነው። ሜሪት የሚባለው እሱ ነው፤ የልጅቷ ውጤት ታይቶ የተሰጠ። አባቷ ሚሊየነር ቢሆንም ይሰጣት ነበር። አይመለስም፣ የሷ ነው። ግን ሁለት ነገር አለበት፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ብዙ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ዋጋቸውን ከፍ አድርገው ይለጥፉና አብዛኛውን ተማሪ በዚህ ዓይነት ስኮላርሺፕ ቅናሽ ያደርጉለታል። ልጅዎ ጎበዝ መሆኗ አያጠያይቅም። ገንዘቡ ግን እሷን ለመሳብ የተደረገ ቅናሽም ነው። እንደ ሃርቫርድና ፕሪንስተን ያሉት ደግሞ ሜሪት የሚባል ነገር ጭራሽ አይሰጡም፤ እነሱ የሚያዩት የቤተሰብ አቅም ብቻ ነው።

አራተኛው ወርክ ስተዲ ነው፤ 2,800። ይሄ የተሰጣት ገንዘብ አይደለም። ካምፓስ ውስጥ ሥራ አግኝታ ሠርታ የምታገኘው ደመወዝ ነው። በሰዓት 14 ዶላር ቢከፈላት 200 ሰዓት መሥራት አለባት። ሥራ ካላገኘች ወይም ትምህርቱ ከብዷት ካልሠራች ገንዘቡ የለም። ቢገኝም በየሁለት ሳምንቱ ለራሷ ነው የሚከፈላት። ኦገስት ላይ የሚመጣውን ቢል አይቀንስም። ለሳሙናና ለአውቶብስ ጥሩ ነው፤ ከዋጋው ላይ ግን አይቀነስም።

አምስተኛውና ስድስተኛው በልጅቷ ስም የሚወጡ የፌዴራል ብድሮች ናቸው፤ 3,500 እና 2,000። የመጀመሪያው ሰብሲዳይዝድ ይባላል፤ ስትማር ወለዱን መንግሥት ይከፍልላታል። ሁለተኛው ከሰብሲዲ ውጭ ነው፤ ገንዘቡ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል። ሁለቱም ግን ብድር ናቸው። ደግሞም በቤተሰብ ሥር ያለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በሕግ ሊበደር የሚችለው ጣሪያ 5,500 ነው፤ የትም ቢማር። የሜሪላንዱ ደብዳቤም ያንኑ 5,500 ጽፏል። ስለዚህ ለማወዳደር ምንም አይጠቅምም። በሁለቱም ደብዳቤ ላይ ይሰርዙት።

ሰባተኛው መስመር ነው ያሳዘነኝ። «ፓረንት ፕላስ፣ 18,000» ይላል። ይሄ በእርስዎ ወይም በባለቤትዎ ስም የሚወጣ ብድር ነው። ልጅቷ አልተሰጣትም፤ እናንተም ገና አልጠየቃችሁም። ክሬዲት አይተው ሊከለክሏችሁም ይችላሉ። እንደዚያም ሆኖ «ተሰጥቷል» ተብሎ ተደምሯል። የእርዳታ ቢሮ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ይሄን መስመር ስጦታ መስሏቸው ተቀብለው ክፍያው ሲጀምር የደነገጡ ወላጆች ጥቂት አልነበሩም።

በ2025–26 የፓረንት ፕላስ ወለድ 8.94 በመቶ ነበር። ለቀጣዩ ዓመት የሚሆነው በየሜይ ተወስኖ ከጁላይ 1 ጀምሮ ነው የሚሠራው። ከወለዱ በፊት ደግሞ የማውጫ ክፍያ አለ፤ 4.228 በመቶ። 18,000 ሲበደሩ 761 ዶላር እዚያው ይቆረጥና ዩኒቨርሲቲው የሚደርሰው 17,239 ነው። ዕዳው ግን 18,000 ነው። በዚሁ ወለድ በ10 ዓመት ቢከፈል በወር 227 ዶላር ይመጣል። በጠቅላላው ከ27 ሺህ በላይ ይከፍላሉ። ይሄ እንግዲህ የአንድ ዓመቱ ብድር ብቻ ነው።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። የማይመለሰውን ብቻ ይደምሩ፤ ፔል 4,200፣ የዩኒቨርሲቲው ግራንት 12,000፣ ስኮላርሺፑ 28,000። 44,200 ይሆናል። ከ79,500 ላይ ሲቀነስ 35,300 ይቀራል። እንዲያውም ብድሩንም ወርክ ስተዲውንም ሁሉ ተቀብላችሁ እንኳ ከሙሉው ዋጋ 9,000 ይጎድላል። 12 ሺህ ይተርፋል ያሰኘዎት 70,500ው ከትምህርት ክፍያው ጋር ብቻ ስለተወዳደረ ነው።

ወደ ሜሪላንዱ ስንመጣ ደብዳቤው ደረቅ ነው፤ ማባበል የለውም። ሐቀኛ ግን እሱ ነው። ትምህርትና ፊ 12,400፣ መኝታና ምግብ 15,600፣ ሌላው ሌላው 4,000፤ በጠቅላላ 32,000። የማይመለሰው ፔል 4,200፣ የስቴቱ ግራንት 3,000፣ የዩኒቨርሲቲው ግራንት 4,300 ነው። 11,500 መጣ። ከ17,000ው የቀረው 5,500 ያው የልጅቷ ብድር ነው። ስለዚህ ከእናንተ የሚጠበቀው 20,500 ነው። ስኮላርሺፕ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለውም፤ በዓመት ግን 14,800 ዶላር ይረክሳል።

ይሄ ሁሉ ግን የዓመት ሂሳብ ነው። ኑሮ ላይ የሚሰማዎት ኦገስት ላይ የሚመጣው ቢል ነው። የግሉ ለአንዱ ሴሚስተር ትምህርት፣ መኝታና ምግብ 37,800 ይጠይቃል። ግማሹ ስጦታ 22,100 ይቀነሳል። የልጅቷ ብድር ግማሽም ይቀነስ። ወደ 13 ሺህ ዶላር ይቀራል፤ ያውም ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የሚከፈል። የፓረንት ፕላሱን ግማሽ ቢወስዱ እንኳ 4,300 ገደማ በጥሬው ማውጣት አለባችሁ። ጃንዋሪ ላይ ደግሞ ያው ይደገማል። የሜሪላንዱ በዚሁ አቆጣጠር ወደ 5,500 ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይሄን በወር በወር ከፋፍለው ያለ ወለድ ያስከፍላሉ፤ መመዝገቢያ ትንሽ ክፍያ ይኖረዋል። ከፓረንት ፕላስ በፊት ይሄን ይጠይቁ።

አሁን ወደ ስኮላርሺፑ ልመለስ ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ነገር 28,000ው አይንቀሳቀስም። የዩኒቨርሲቲው ዋጋ ግን በየዓመቱ ይጨምራል። ሁለቱም በዓመት 4 በመቶ ይጨምራሉ እንበል፤ ለማሳያ ነው። የግሉ 4 በመቶ 3,180 ዶላር ነው። የሜሪላንዱ 4 በመቶ 1,280 ነው። እርዳታው ባለበት ከቆመ ጭማሪው ሙሉ በሙሉ እናንተ ላይ ይወድቃል። በዚህ መንገድ አራቱን ዓመት ስደምረው የግሉ ወደ 160,800 ዶላር፣ የሜሪላንዱ ወደ 89,900 ይመጣል። ልዩነቱ ወደ 71 ሺህ ዶላር ነው። እንደ መጀመሪያው ዓመት በአራት ብናባዛው ኖሮ 59 ሺህ ብቻ ይመስል ነበር። የአንድ ዓመት ደብዳቤ ማወዳደር የሚያሳስተው እዚህ ጋ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቅድመ ሁኔታው ነው። ደብዳቤው ስኮላርሺፑ እንዲታደስ 3.25 ጂፒኤ ይፈልጋል። ልጅዎ ሃይስኩል ላይ ይሄ ቀላል ሊመስላት ይችላል። የሳይንስ ተማሪ የአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪና ካልኩለስ ግን ሌላ ነገር ነው። 3.1 ብታመጣ ጥሩ ተማሪ ናት፤ 28,000ው ግን የለም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ከእናንተ የሚጠበቀው ከ66 ሺህ በላይ ይሆናል። ያኔ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ነው ያለው አማራጭ፤ የተማረችው ኮርስ ሳይቆጠርላት የሚቀረውም ያኔ ነው። የአቅም እርዳታው እንዲህ አያስጨንቅም። ለፌዴራል እርዳታ አብዛኛውን ጊዜ 2.0 ጂፒኤና ከተመዘገበችው ኮርስ ሁለት ሦስተኛውን ማለፍ ይበቃል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲውን ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ። አንደኛ፣ ከተቀባዮቹ ስንቱ እስከ አራተኛ ዓመት ይዘውት ይዘልቃሉ? ሁለተኛ፣ አንድ ሴሚስተር ዝቅ ብላ ብትመጣ የማሻሻያ ጊዜ አለ ወይስ ወዲያው ይነጠቃል? «አብዛኛው ይዘልቃል» የሚል መልስ መልስ አይደለም። ቁጥር ይስጧችሁ።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝን ልንገርዎት። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ሕጉ ተቀይሯል። አዲስ የፓረንት ፕላስ ተበዳሪ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ደግሞ ከ65,000 በላይ መበደር አይችልም። የግሉ ደብዳቤ 18,000 አስቀምጧል። በአራት ሲባዛ 72,000 ነው። ሦስት ዓመት ወስደው 54,000 ሲደርሱ ለአራተኛው የሚቀርዎት 11,000 ብቻ ነው። ያውም ዋጋው በየዓመቱ ሲጨምር 18,000ው ራሱ እንደማይበቃ አይተናል። ልጅቷ ልትመረቅ አንድ ዓመት ሲቀራት ገንዘቡ ያልቃል ማለት ነው። ያኔ የቀረው የግል ባንክ ብድር ነው። እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዋስ ፈራሚ ይፈልጋል፤ የፌዴራሉ ብድር ያለው ጥበቃም የለውም። ደብዳቤው የተጻፈው ለአንድ ዓመት ስለሆነ ይሄን አይነግራችሁም። እናንተ ግን የምትወስኑት ለአራት ዓመት ነው።

ሌላ አማራጭ ደግሞ አለ። ልጅቷ ከቤት እየተመላለሰች ሜሪላንድ ብትማር 15,600ው የመኝታና የምግብ ቢል አይመጣባችሁም። የትምህርቱ 12,400 ላይ 11,500 ስጦታ ሲቀነስ 900 ዶላር ነው የሚመጣባችሁ። ቤት ስትሆንም መብላቷና መመላለሷ አይቀርም፤ ያንን ራሳችሁ ገምቱ። ግን ይጠንቀቁ። ከቤት የሚማር ተማሪ ሙሉ ዋጋው ስለሚቀንስ ዩኒቨርሲቲው የራሱን ግራንት ሊቀንስ ይችላል። ፔሉ አይነካም። የቤት አድራሻ ከመሙላትዎ በፊት «ካምፓስ ባትኖር ግራንቷ ስንት ይሆናል?» ብለው በኢሜል ይጠይቁ። መልሱን ያስቀምጡት። ደግሞ የልጅቷንም ነገር ያስቡበት፤ የአራት ልጆች ቤት ውስጥ ማጥናት ለሁሉም አይሆንም። እሱን እናንተ ናችሁ የምታውቁት።

የግሉ ፈጽሞ አይሆንም እያልኩ አይደለም። ዋጋው ሊወርድ ይችላል፤ መጠየቅ ነው። የሚጠየቀው ግን በልመና አይደለም፤ በወረቀት ነው። ለ2026–27 ፋፍሳ ያየው የ2024ን ታክስ ነው። ከዚያ ወዲህ የእርስዎ የኡበር ገቢ ከወረደ፣ መኪናው ከተበላሸ፣ ባለቤትዎ ሰዓት ከተቀነሰባት፣ ከኢንሹራንስ ውጭ የሕክምና ወጪ ካለባችሁ፣ የእርዳታ ቢሮው ቁጥሩን የማስተካከል ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል። የ2025ን ታክስ፣ የቅርብ ጊዜ የክፍያ ማስረጃ፣ የሕክምና ቢል አያይዘው ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ ይጻፉ። ምን እንደተቀየረ፣ መቼ እንደተቀየረ፣ በስንት እንደቀነሰ ይግለጹ። መጨረሻ ላይ የሚፈልጉትን መጠን በቁጥር ያስቀምጡ። «ተጨማሪ እርዳታ ብናገኝ» ከማለት «በዓመት ከ21 ሺህ በላይ መክፈል አንችልም፣ 14 ሺህ ይጎድለናል» ማለት ይሻላል። ወረቀቱን የሚያየው ሰው የሚሠራበት ቁጥር ያገኛል።

ሀገር ቤት የምትልኩትን ገንዘብ ፋፍሳ አይቆጥረውም። እናትዎን አዲስ አበባ እየጦሩ ቢሆንም የቤተሰብ ብዛት ላይ አይገቡም፤ አብሮ መኖር ያስፈልጋል። ይሄን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ጥቂት ነው፤ ሲሰማም ይናደዳል፤ አልፈርድበትም። ቢሆንም የላካችሁበት ደረሰኝ በየወሩ ካለ፣ ከላይ ባልኩት ደብዳቤ ላይ በአንድ አንቀጽ ይጥቀሱት። መቀበል አለመቀበል የቢሮው ፈንታ ነው። አንዳንዱ ያየዋል።

ስለ ዕቁብም ይጠየቃል። የደረስዎት ዕቁብ ገቢ አይደለም፤ የራስዎ ቁጠባ ነው። ግን ፋፍሳ በሞላችሁበት ቀን ባንክ ተቀምጦ ከነበረ እንደ ንብረት ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ለመኪና ወይም ለዕዳ የወጣ ከሆነ ይሄንንም ለቢሮው በማስረጃ መንገር ይቻላል።

የሜሪላንዱን ደብዳቤ ለግሉ ማሳየት ነውር አይደለም። «ሌላ ዩኒቨርሲቲ 20,500 ላይ አድርሶናል» ማለት ይቻላል። አንዳንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ሜሪቱን ጥቂት ሺህ ከፍ ያደርጋል። 14 ሺህ በአንዴ ይጨምራል ብለው ግን አይጠብቁ። የሚጨምሩትም ለአራቱም ዓመት መሆኑን ያረጋግጡ። አንዳንዱ የመጀመሪያውን ዓመት ግራንት ከፍ አድርጎ ሁለተኛው ላይ ይቀንሳል። «ፋፍሳችን ባይቀየር 12,000ው ሁለተኛ ዓመትም ይኖራል?» ብለው ይጠይቁ። «ይገመገማል» ብቻ ካሏችሁ ለጥንቃቄ እንደማይኖር አድርገው ይቁጠሩት።

ልጅቷ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከማኅበር ትንሽ ስኮላርሺፕ ካገኘችም፣ ከማስገባቷ በፊት የትኛውን መስመር እንደሚቀንስ ትጠይቅ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ከውጭ 3,000 ሲመጣ የራሱን ግራንት በ3,000 ይቀንሳል። ያኔ ልጅቷ ለፍታ ያገኘችው ለዩኒቨርሲቲው ገባ ማለት ነው። ሜሪላንድ በ2017 የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎቿ ይሄን በነፃነት እንዳያደርጉ በሕግ ገድባለች። ፔንሲልቬንያ ያለው የግል በዚያ ሕግ አይገዛም። ብድሩን ወይም ወርክ ስተዲውን እንዲቀንሱላት ትጠይቅ። ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ።

አንድ ትንሽ ነገር፤ የግሉ ደብዳቤ ላይ የጤና ኢንሹራንስ አልተጻፈም። ኦገስት ላይ ግን ቢሉ ላይ ብቅ ሊል ይችላል፤ ብዙ ቦታ በሺዎች የሚቆጠር ነው። ልጅቷ በእናንተ ኢንሹራንስ ወይም በሜዲኬድ ሥር ከሆነች ዌቨር የሚባለውን የማስቀሪያ ቅጽ ሞልታ ታስቀረዋለች። የሜሪላንድ ሜዲኬድ ፔንሲልቬንያ ላይ ከድንገተኛ ሕክምና ውጭ ብዙም ስለማይሠራ፣ ዩኒቨርሲቲው ላይቀበለው ይችላል። ያንን አስቀድመው ይጠይቁ።

ብዙ ዩኒቨርሲቲ መልስ የሚፈልገው እስከ ሜይ 1 ነው። የእርዳታ ቢሮ ደግሞ ይግባኝ ለማየት ሁለት ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው በዚህ ሳምንት ይሂድ። መልሱ እስኪመጣ ፖርታሉ ላይ ያለውን «ሁሉንም ተቀበል» የሚለውን አዝራር አትንኩት። እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ተቀባይነት ያገኛል ወይም ይሰረዛል። ግራንቱንና ስኮላርሺፑን ተቀብሎ ብድሩን አለመቀበል ይቻላል፤ በኋላም ቢፈለግ ለእርዳታ ቢሮው ነግሮ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መጠየቅ ይቻላል። ፓረንት ፕላሱ ላይ ደግሞ ራስዎ ካልፈረሙ በስተቀር ማንም ሊያስወጣብዎት አይችልም።